ጥላዎ መክተፊያው ላይ እንዳይወድቅ፦ የሳሎንና የኩሽና መብራት አነዳደፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ገና ቁልፉን የተረከቡት ኮንዶሚኒየም ገብተው ወደ ጣሪያው ቀና ቢሉ፣ በየክፍሉ መሐል ለመሐል አንድ የአምፖል መያዣ ተንጠልጥሎ ያገኛሉ። ሳሎኑም አንድ፣ ኩሽናውም አንድ። ቤቱን የሠራው ሰው ማን እንደሚኖርበት፣ ሶፋው የት እንደሚሆን፣ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ስለማያውቅ ለሁሉም ይሆናል ያለውን መሐሉን መረጠ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። የሚያሳዝነው እኛ ቤቱን ስናስጨርስ ያንኑ ነጥብ እንዳለ ተቀብለን፣ የትኛው ሻንደሊየር ይመር ብቻ እያልን ገንዘባችንን ማፍሰሳችን ነው። ልስኑ ካለቀ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሽቦ ጨምሩልኝ ማለት ግድግዳ ማስፈልፈል ነው፤ ስለዚህ መብራት የሚታሰበው ከሴራሚክም ከቀለምም በፊት ነው።

ነገሩን በአንድ ቤት ላይ ላሳይ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ኩሽናው 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ ሳሎኑ 4 ሜትር በ4 ሜትር ከ50፣ የጣሪያው ከፍታ 2 ሜትር ከ60 ነው። ቤቱን ሊያድሱ ሲነሡ ኤሌክትሪሺያኑ ኩሽናውን አየት አድርጎ፣ «እማማ፣ መሐል ላይ ባለ 24 ዋት ካሰርኩልዎ ቀን ይመስላል» አላቸው። «ልጄ፣ ብርሃኑስ ሞልቷል፤ የማላየው እጄን ነው» ብለው መለሱለት። ወይዘሮዋ ችግሩን ከእኛ ሁሉ ቀድመው አውቀውት ነበር።

ለምን እጃቸውን እንደማያዩ በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ማብሰያው ግራናይት ረጅሙን ግድግዳ ተከትሎ የሄደ ነው፤ ወደ ፊት የወጣው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከወለል ከፍታው 90 ሳንቲ ሜትር ነው። አምፖሉ ጣሪያው መሐል ስለሆነ ከዚያ ግድግዳ 1 ሜትር ይርቃል። ሰው ሽንኩርት ሊከትፍ ሲቆም ሆዱ ከግራናይቱ ጠርዝ ጋር ይገናኛል፤ አንገቱን ደፋ ሲያደርግ ራሱ ከግድግዳው 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ይሆናል። አምፖሉ እንግዲህ ከጀርባው ቀረ ማለት ነው። ከአምፖሉ ተነሥቶ የራሱን አናት አልፎ የሚወርደው መስመር ግራናይቱን የሚነካው ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። መክተፊያው የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው ነው። አምፖሉን በእጥፍ ቢያጎሉት ጥላው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የሚነሣው ብርሃኑ ከሠራተኛው ፊት እንዲመጣ ሲደረግ ብቻ ነው።

ከፊት የሚመጣው መንገድ ከላይኛው ኪችን ካቢኔት ሥር ነው። ካቢኔቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው 35 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ፣ ከግራናይቱ 50 ወይም 55 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የኤልኢዲ ስትሪፕ ሲለጠፍ ባለሙያዎች በልማድ ከካቢኔቱ ሥር ወደ ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ያደርጉታል፤ ሽቦው ስለሚቀርባቸውና ከዓይን ስለሚደበቅላቸው ነው። ያኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚበራው ሴራሚኩ ሆኖ፣ መክተፊያው ያለበት የፊቱ ግማሽ ደብዘዝ ይላል። ስትሪፑ በካቢኔቱ የፊት ጠርዝ በኩል፣ ፊቱን ትንሽ ወደ ግድግዳው አዙሮ መቀመጥ አለበት። ከጠርዙ ወደ ታች 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወርድ ጣውላ ካለ ዓይንን እንዳይወጋ ይከልለዋል። አናጺው ካቢኔቱን ሳይቆርጥ በፊት ይህን መንገር ነው፤ በኋላ የሚጨመር ጠርዝ ሁሌም ያስታውቃል።

ስትሪፑ ከአሉሚኒየም ቱቦና ከነጭ ክዳኑ ጋር ይገዛ። አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ይወስድለታል፤ ባዶውን በራሱ ማጣበቂያ እንጨት ላይ የተለጠፈ ስትሪፕ በቶሎ ይደክማል፣ ማጣበቂያውም በእንፋሎቱ ለቆ ይንጠለጠላል። ነጩ ክዳን ደግሞ ሌላ ነገር ያድናል። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ጥቁር፣ የተወለወለ ግራናይት ነው፤ ይህ እንደ መስታወት ስለሆነ ክዳን የሌለውን ስትሪፕ ነጠብጣብ በነጠብጣብ መልሶ ወደ ዓይን ይረጨዋል። በጎረቤቴ ቤት 2 ሜትር ከ40 ርዝመት ያለው፣ በየሜትሩ 10 ዋት የሚወስድ ባለ 24 ቮልት ስትሪፕ ገባ። በድምሩ 24 ዋት ነው፤ ይህን የሚመግበው ድራይቨር ግን 36 ዋት እንዲሆን አደረግን። ድራይቨር ሁልጊዜ በጫፉ ላይ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ዕድሜው ያጥራል፤ ከአቅሙ ከ80 በመቶ በላይ ባይጫንበት ጥሩ ነው።

የላይኛው ካቢኔት በሌለበት ኩሽናስ? ያን ጊዜ የጣሪያውን መብራት ከመሐል አንሥቶ ወደ ግድግዳው ማቅረብ ነው። ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ነጥቦች በግራናይቱ ርዝመት ልክ ቢሰለፉ፣ ብርሃኑ ከቆመው ሰው ራስ በፊት ስለሚወርድ ጥላው ወደ ኋላ፣ ወደ ወለሉ ይሄዳል።

ኩሽና ውስጥ ከብርሃኑ ብዛት ያላነሰ የሚያሳስበኝ የብርሃኑ ጥራት ነው። የወጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ከወርቃማነት ወደ ቡኒነት የሚያልፍበት ጊዜ አጭር ነው፤ ያቺን ቅጽበት ያለፈ ሽንኩርት ወጡን ያመርረዋል። በርበሬውም በዘይት ሲበስል መቅላቱን እያዩ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ርካሽ የሆኑ ነጭ ኤልኢዲዎች ቀይ ቀለምን ማሳየት ይሳናቸዋል፤ በርበሬው አመድማ፣ ሥጋውም የገረጣ ይመስላል። ይህን የሚለካው ቁጥር ሲአርአይ ይባላል፤ ሙሉ ነጥቡ 100 ሲሆን ገበያ ላይ በብዛት ያለው 80 አካባቢ ነው። ለግራናይቱ ስትሪፕ 90 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን መፈለግ ይገባል። ሱቅ ውስጥ በቀላሉ መፈተን የሚፈልግ ትንሽ በርበሬ በወረቀት ጠቅልሎ ይሂድ፤ አምፖሉን አብርቶ በሱ ሥር ይየው፣ ከዚያ ወደ ደጃፍ ወጥቶ በፀሐይ ይየው። በርበሬው በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ከቀላ ይግዛው።

ምጣድ ያለበት ኩሽና አንድ ተጨማሪ ነጥብ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎት ቀጥታ ወደ ላይ ነው፤ ከበላዩ የተሰቀለ ክፍት መብራት ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል፣ ይዝጋል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ የሚገባው መብራት ቢያንስ አይፒ44 የሚል ምልክት ያለው፣ የታሸገ ይሁን፤ ቦታውም ከምጣዱ በላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ግድግዳው ላይ ይሁን። ከጎን ማድረጉ ሌላም ጥቅም አለው። ብርሃን በዝቅታ ከጎን ሲመጣ ጥቃቅኑን ጉድጓድ በጥላ ያጎላዋል፤ የእንጀራው ዓይን ወጣ አልወጣ የሚለው ከላይ ከሚመጣው መብራት ይልቅ ከጎን በሚመጣው ጥርት ብሎ ይታያል። ምጣድ የሚጋግሩ ሴቶች በመስኮት በኩል መቀመጥ የሚመርጡት በከንቱ አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ ሥራ የጣሪያው መሐል መብራት አይጣልም። ኩሽናውን በአጠቃላይ የሚያሳየው፣ ዕቃ ከቁም ሣጥን ለማውጣት፣ ወለል ለመጥረግ የሚያገለግለው እሱ ነው። 18 ዋት የሆነ የታሸገ ክብ መብራት ለ6 ካሬ ኩሽና ይበቃል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ብቻውን የማይሠራ መሆኑ ነው።

ብርሃንን በዚህ መልክ ደራርቦ ማሰብን ከመሠረቱት አንዱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኬሊ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የብርሃን ዲዛይንን በሦስት ነገር ከፈለው፦ አካባቢውን ሁሉ በስሱ የሚሞላ ብርሃን፣ አንድን ቦታ ነጥሎ የሚያሳይ ብርሃን፣ እና ለዓይን ደስታ የሚያብረቀርቅ ብርሃን። ዛሬ የመብራት ባለሙያዎች አጠቃላይ፣ የሥራና የጌጥ ብርሃን እያሉ የሚከፋፍሉት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ኩሽና ውስጥ የሥራው ብርሃን ይገዛል። ሳሎን ውስጥ ግን ሦስቱም እኩል ተራ ይጠብቃሉ፤ ምክንያቱም ሳሎን በአንድ ምሽት ውስጥ ልጅ የሚያጠናበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ዜና የሚታይበት ቦታ ነው።

በሳሎኑ ጉዳይ በከተማችን የተለመደ አንድ አሠራር አለ፤ በግልጽ እቃወመዋለሁ። ጣሪያውን በሙሉ በጂፕሰም ኮርኒስ ዝቅ አድርጎ፣ አሥር አሥራ ሁለት ስፖት ላይት እንደ ቼዝ ሰሌዳ በእኩል ርቀት መደርደር። የጎረቤቴን ጣሪያ የመሰለ 2 ሜትር ከ60 ከፍታ፣ ኮርኒሱ 15 ሳንቲ ሜትር ሲበላው ክፍሉ ታፍኖ ይቀራል። ስፖቶቹ ደግሞ በጠባብ ጨረር ቀጥ ብለው ወደ ታች ስለሚወረወሩ ወለሉንና የሰውን አናት ያበራሉ፤ ከቅንድብ በታች ያለው ፊት ጥላ ይሆናል። ሶፋ ላይ ደገፍ ያለ ሰው አንዱ ቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ግድግዳዎቹ ጨለማ ስለሚሆኑ ያ ሁሉ መብራት በርቶ ክፍሉ ጠባብ ይመስላል። ዓይናችን የአንድን ክፍል ብሩህነት የሚመዝነው ከወለሉ ይልቅ ከግድግዳውና ከጣሪያው ነው።

ስለዚህ የጎረቤቴን ሳሎን ከጣሪያው ሳይሆን ከመቀመጫዎቹ ጀመርን። ሶፋው ረጅሙን ግድግዳ ይዟል። ከፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን፣ በመስኮቱ በኩል ልጆቹ የሚያጠኑበት ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ አለ። በበሩ በኩል ያለው ግድግዳ የቤተሰቡ ፎቶዎች የተሰቀሉበት ነው። ረከቦቱ የሚዘረጋው በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ነው።

ለአጠቃላዩ ብርሃን ከሶፋው በላይ ባለው ግድግዳ ርዝመት ብቻ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጂፕሰም መደርደሪያ ተሠርቶ ስትሪፕ ውስጡ ተደበቀ፤ የቀረው ጣሪያ እንዳለ ቀረ። ብርሃኑ ወደ ላይ ተረጭቶ ከነጩ ጣሪያ ሲመለስ ክፍሉን ሁሉ ያለ ጥላ ያዳርሰዋል። እዚህ ላይ አንድ ልክ አይዘነጋም፦ ስትሪፑ ከጣሪያው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ከዚያ ከቀረበ ጣሪያው ላይ አንዲት የምታቃጥል ቀጭን መስመር ብቻ ትታያለች፣ ሌላው ክፍል ጨለማ ነው። ግድግዳው 4 ሜትር ከ50 ስለሆነ በየሜትሩ 14 ዋት የሚወስድ ባለ 24 ቮልት ስትሪፕ ገባ፤ ድምሩ 63 ዋት፣ ድራይቨሩ 100 ዋት። ከጣሪያ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ስለሚቀር ነው ቁጥሩ ከፍ ያለው፤ ጣሪያው ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ይህ ዘዴ ጭራሽ አያዋጣም።

ለሥራው ብርሃን ከጥናት ጠረጴዛው በላይ አንድ ወደ ታች የሚወርድ መብራት ተንጠለጠለ፤ የታችኛው ጠርዙ ከጠረጴዛው 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ከዚህ ከፍ ካለ ተቀምጦ የሚያጠናውን ልጅ ዓይን ይወጋል፣ ዝቅ ካለ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ይጋርዳል። ከሶፋው ጎን የቆመ መብራት ተጨመረ፤ ሶኬቱ ግን የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። የቆመ መብራት ብዙ ቤት ገብቶ ጌጥ ብቻ ሆኖ የሚቀረው እሱን ለማብራት ሰው ጎንበስ ብሎ ከሶፋው ኋላ መነካካት ስላለበት ነው።

ለፎቶዎቹ ግድግዳ ሦስት ስፖቶች ገቡ፤ ስፖት ላይት እውነተኛ ቦታው እንዲህ ያለ ነው። ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ርቀው ተተክለዋል። ፎቶው መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ60 ላይ ስለሚሆን ከዚህ ርቀት ብርሃኑ ወደ 30 ዲግሪ ተንጋዶ ይመጣል፤ ይበልጥ ቢርቅ የመስታወቱ ነጸብራቅ የተመልካቹን ዓይን ያገኘዋል፣ ቢቀርብ የፍሬሙ ጥላ በፎቶው ላይ ይወርዳል። የድሮው የመሐል ነጥብም አልተነቀለም። ሠርግ፣ ማኅበር፣ ለቅሶ ሲሆን ቤቱ ሰው ይሞላል፤ ያን ጊዜ እሱም ይበራል። በተለመደው ምሽት ግን ቡና ሲፈላ የሚበራው የቆመው መብራትና የፎቶው ግድግዳ ብቻ ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ስለሚመጣ ከጀበናው የሚወጣው ጭስና የከሰሉ ፍም ይታያሉ፤ ከላይ የሚመጣ ጉልህ ነጭ ብርሃን ሁለቱንም ያጠፋቸዋል።

የብርሃኑ ቀለም ኬልቪን በሚባል ቁጥር ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። 2700 እና 3000 ቢጫ የሚያደላ፣ ለምሽት የሚስማማ ነው። 4000 መካከለኛ ነጭ ነው፤ ለኩሽና የመረጥነው እሱን ነው። 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ሲሆን በየሱቁ ደምቆ ስለሚታይ ሰው ይማርካል። ሳሎን ውስጥ 6500 አይግባ ባይ ነኝ፤ የሰውን ፊት ያገረጣል፣ ቤቱንም ክሊኒክ ያስመስላል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀለም መቀላቀልም የተሰበረ ሲቀየር ሳይታወቅ የሚሆን ነገር ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ማሸጊያ ማስቀመጥ ወይም ቁጥሩን በፎቶ መያዝ ይጠቅማል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ከንቱ ነው። ሁሉም አብሮ ከበራ ድርብርብነቱ ቀርቶ ብዙ አምፖል ያለው አንድ መብራት ይሆናል። እያንዳንዱ ድርብ የራሱ ቁልፍ ያስፈልገዋል፣ ቁልፉም እጅ በተፈጥሮ የሚሄድበት ቦታ መሆን አለበት። የማብሪያ ማጥፊያን ቦታ ለማወቅ የምመክረው በወረቀት ላይ ከመሳል በፊት ጠመኔ ይዞ ባዶው ቤት ውስጥ መመላለስ ነው። ከውጭ በር እንደገቡ፣ ዕቃ እንደያዙ፣ ወደ መኝታ እንደሄዱ፣ ሌሊት ለውኃ እንደተነሡ አድርገው ይራመዱ፤ እጅዎ ግድግዳውን የነካበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ።

በጎረቤቴ ቤት ምልክቶቹ እንዲህ ወጡ። በመግቢያው በር ውስጥ፣ በእጀታው በኩል፣ ከበሩ መቃን 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ላይ ባለ ሦስት ማብሪያ ማጥፊያ ተቀመጠ። ለበሩ ቅርብ የሆነው ቁልፍ የጂፕሰሙ ብርሃን ነው፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ስለሆነ። ቀጥሎ የፎቶው ግድግዳ፣ መጨረሻ ላይ የመሐሉ መብራት። ከአራት በላይ ቁልፍ በአንድ ሰሌዳ መደርደር አይመከርም፤ የቤቱ ሰው እንኳ ዘወትር እየሞከረ ነው የሚያገኘው። በሶፋው ጎን፣ ተቀምጠው እጅ በሚደርስበት በ70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የቆመው መብራት ሶኬት ቁልፍ አለ። የጥናት ጠረጴዛው መብራት ቁልፉ ከጠረጴዛው አጠገብ ነው። ወደ መኝታ በሚወስደው ኮሪደር አፍ ላይ ደግሞ የጂፕሰሙን ብርሃን ከዚያም የሚያጠፋ ሁለተኛ ቁልፍ ተደረገ፤ ባለሙያዎቹ ቱ ዌይ የሚሉት ነው። ያለሱ ሰው ሳሎኑን አጥፍቶ በጨለማ እየዳሰሰ ወደ መኝታው ይሄዳል።

ኩሽና ላይ የጣሪያው መብራት ቁልፍ ከመግባትዎ በፊት በሚደርሱበት፣ ከበሩ ውጭ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እጅ ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ይነካዋል። የግራናይቱ ስትሪፕ ቁልፍ ግን ሥራው ካለበት፣ ከግራናይቱ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ከልብስም ከዕቃም ማጠቢያው ጠርዝ በጎን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከምድጃው በላይ በፍጹም አይሁን፤ እዚያ ለመድረስ እጅ በፈላ ድስት ላይ ያልፋል።

ቱ ዌይ ማድረግ የሚፈልግ ይህን አስቀድሞ ይናገር፤ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ተጨማሪ ሽቦዎች የሚሄዱበት ቱቦ ግድግዳው ሳይለሰን መቀበር አለበት። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል ፌዙን ከአንዱ ቁልፍ አካባቢ፣ ኒውትራሉን ከሌላው እያመጡ የሚያገናኙ አሉ። መብራቱ ይበራል ይጠፋል፤ ነገር ግን ጠፍቶም መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል፣ አምፖል የሚቀይረውን ሰው ይይዘዋል። ማብሪያ ማጥፊያ ምንጊዜም የሚቆርጠው ፌዙን መሆን አለበት። ምልክቱ አንዳንድ ጊዜ በዓይን ይታያል፦ የጠፋው ኤልኢዲ ሌሊት በጣም ደብዝዞ ማብራቱን ከቀጠለ፣ ቁልፉ ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ትንሽ አመልካች መብራት ያለው ማብሪያ ማጥፊያም ይህንኑ ያመጣል፤ የትኛው እንደሆነ ኤሌክትሪሺያኑ በቴስተር መያዣውን ነክቶ ይለየዋል። የብረት አካል ያላቸው መብራቶች ሁሉ የመሬት ሽቦ ይታሰርላቸው። ለመብራት መስመር የተለመደው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 10 አምፔር ብሬከር ነው፤ ምጣዱና ሶኬቱ ከዚህ መስመር ጋር አይገናኙ፣ ምጣድ ብቻውን የራሱን ወፍራም ሽቦና ብሬከር የሚጠይቅ ጭነት ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ። የስልክዎን ካሜራ አምፖሉ ላይ ያቅርቡ፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱ ብርሃኑ ዓይን በማይለየው ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው አምፖል የጥናት ጠረጴዛ ላይ አይሰቀል፣ ራስ ምታት ያመጣል። ረጅሙን ስትሪፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዩ፤ ከድራይቨሩ የራቀው ጫፍ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ቮልቱ መንገድ ላይ አልቋል፤ በባለ 12 ቮልት ስትሪፕ ይህ 5 ሜትር ሳይሞላ ይጀምራል፣ ባለ 24 ቮልቱን የመረጥነው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ድራይቨሩ የት እንዳለ አሳየኝ ይበሉ። ከመብራቱ ዕቃ ሁሉ ቀድሞ የሚሞተው ድራይቨሩ ነው፤ ጂፕሰም ውስጥ ታሽጎ ከቀረ እሱን ለመቀየር ኮርኒስ ይሰበራል። የጎረቤቴ ቤት ሁለቱም ድራይቨሮች በኪችን ካቢኔቱ አናት ላይና በመደርደሪያው ጫፍ በተተወች ትንሽ መክፈቻ ውስጥ፣ በእጅ በሚደረስበት ናቸው። ብርሃን መቀነሻ ዲመር ያሰበም ካለ ድራይቨሩ ወይም አምፖሉ ዲመር የሚቀበል መሆኑ ማሸጊያው ላይ መጻፉን ያረጋግጥ፤ ያለዚያ ዝቅ ሲደረግ ይርገበገባል ወይም ያጉረመርማል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ድርቡ ሌላ ጥቅም አለው። የግራናይቱ ስትሪፕ 24 ዋት፣ የጥናት ጠረጴዛው መብራት 9 ዋት ነው። እነዚህ ሁለቱ ገና ከጅምሩ በተለየ መስመር ከተዘረጉ፣ ትንሽ ባትሪና ኢንቨርተር ማታውን ሙሉ ይችላቸዋል፤ አንድ ወጥ መስመር ከሆነ ግን ኢንቨርተሩ ቤቱን ሁሉ መሸከም ይገደዳል። የኢንቨርተሩ መስመር ፌዙም ኒውትራሉም ከዋናው መስመር ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት።

ቤቱ አልቆ የገቡበት ከሆነ ግድግዳ ሳይነካ ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሶኬት ላይ የሚሰካ የቆመ መብራት፣ ከካቢኔት ሥር በሶኬት የሚሠራ ስትሪፕ፣ በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የፕላስቲክ ካናል የሚሄድ ሽቦ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮለኑንና ቢሙን ፈልፍሎ ሽቦ መቅበር ግን አይሞከር፤ ሕንፃውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ገና ልስን ላልደረሰ ቤት ባለቤት አንድ ልመና አለኝ። ቱቦዎቹ በግድግዳው ተቀብረው፣ ለማብሪያ ማጥፊያና ለሶኬት ሳጥኖቹ ገብተው፣ ለሳኙ ሊጀምር ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ይውሰዱ። ሜትር ከወለሉ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ግድግዳ ከነሜትሩ ፎቶ ያንሡ፤ ፎቶዎቹን ከቤቱ ውል ጋር ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ሊሰቅል ቦርጭ የሚይዝ ሰው ሽቦው የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚያ ነው።